የካርቶን ወተት እርጎ እየቀጠነ አስቸገረኝ፣ በዱቄት ወተት ማወፈር ይቻላል?

የሚሚ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታ ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ጎሮ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ድሮ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ወተት የሚያመጡልን ሰውዬ ነበሩ። ያንን ጣሳ ውስጥ ገልብጬ፣ ክዳን አድርጌ፣ ሁለት ቀን ስተወው ራሱ ይረጋልኝ ነበር። አሁን እሳቸው ሰፈር ቀየሩና የማገኘው የካርቶን ወተት ብቻ ሆነ፣ ያ ከፍሪጅ ውጭ ወራት የሚቆየው። በለመድኩት መንገድ አንድ ሊትር አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሆነው፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ሽታው ተቀየረ። ትንሽ ቀመስኩት፣ ይመራል። ደፋሁት።

ቀጥሎ ጎረቤቴ እርሾ ያስፈልገዋል ብላኝ ከሱቅ ነጭ እርጎ ገዛሁ። አንድ ሊትር የካርቶን ወተት ለብ አድርጌ አምስት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨመርኩበት፣ በጋቢ ጠቅልዬ ማታ 2 ሰዓት ላይ አስቀመጥኩት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ከፈትኩት። ረግቷል፣ ግን ማንኪያ ሳስገባ እንደ አጥሚት ይፈሳል። ከላይ ቢጫ ውሃ ይዟል። ጣዕሙ ደግሞ ጥርስ ያጠርሳል።

በዱቄት ወተትም ሞክሬያለሁ፣ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ። ጓጎለብኝ፣ እሱም ቀጠነ። ሚሚ እርጎ የምትበላው በማንኪያ የሚያዝ ሲሆን ብቻ ነው። ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው?

ናቲ ከሳሪስ
ቀላል ነው እህቴ። እርሾው አንሶሻል። አምስቱን አስር ማንኪያ አድርጊውና ደህና ትረጋለች። ሌላው ወተቱ ላይ ስቡን እይ፣ ሙሉ ቅባት ያለውን ግዢ፣ ግማሽ ስብ የወጣለት አይወፍርም። ካልሆነ ደግሞ የበቆሎ ስታርች አንድ ማንኪያ ጣል አድርጊበት። እኔ ጂም ስለምሠራ በሳምንት ሦስቴ እርጎ አረጋለሁ።

እትዬ አለም
ልጄ፣ የኛ እናቶች እርሾ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ቅሉ በወይራ ይታጠናል፣ ወተቱ ይገባል፣ ያው ይረጋል። እቃሽን አጥኚው እስቲ። ጣሳ ሽታ የለውም፣ ለዚህ ነው።

ዳዊት የወተቱ
የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቤት ግን አሁንም የማረጋው እኔ ነኝ። አንድ በአንድ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ያ ሁለት ቀን ተቀምጦ ያልረጋው። ትኩስ ወተት ራሱ የሚረጋው የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ወተቱም ላይ እቃውም ላይ ስላሉ ነው። እትዬ አለም እርሾ አያውቁም ያሉት ለዚህ ነው፣ ቅሉ ራሱ እርሾውን ይዞ ነበር። የካርቶን ወተት ግን ለጥቂት ሴኮንድ ከ135 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ ከዚያ አየር ሳይነካው የታሸገ ነው። ውስጡ ሕይወት ያለው ነገር የለም። ከፍተሽ ስታስቀምጪው ከአየርና ከእቃ የሚገባበት ባገኘሽው ዕድል ነው፣ አንቺ ጋ የገባው ፕሮቲኑን የሚያመርረው ነው። የዱቄት ወተትም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ያለ እርሾ አይሞከሩም። እንደዛ ሲሆንብሽም አትቅመሺው፣ ድፊው።

ሁለተኛ፣ ናቲ ስለ እርሾ ያለውን አትከተዪ። እርሾ ወተቱን ያኮመጥጠዋል፣ አያወፍረውም። የሚያወፍረው ወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው፣ ሲኮመጥጥ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ መረብ ይሆንና ውሃውን ይይዛል። እርሾ ስታበዢ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ መረቡ በጥድፊያ ስለሚሠራ ይጨማደድና አጓቱን ይተፋል። ላይ ያየሽው ቢጫ ውሃ አጓት ነው። አንቺ ጋ ደግሞ 12 ሰዓት ተጨመረበት። ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ ከ5 እስከ 7 ሰዓት።

ሦስተኛ፣ የስብ ነገር። ናቲ ግማሹን ልክ ነው። ስብ እርጎውን አፍ ላይ ያለሰልሰዋል፣ ጣዕም ይሰጣል። እንዲቆም የሚያደርገው ግን ፕሮቲኑ ነው። ለዚህ ነው ስብ የወጣለት ዱቄት ወተት ከሙሉ ስቡ ይልቅ የሚያጠነክረው፣ ፕሮቲኑ ስለሚበዛ።

የሚሚ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዳዊት። ታዲያ እርሾው ካልሆነ ትኩሱ ወተት ይወፍርልኝ የነበረው ለምንድን ነው? እንደው የካርቶኑ ውሃ ተጨምሮበት ይሆን?

ዳዊት የወተቱ
አይ፣ ውሃ ነው ብለሽ አትጠርጥሪ። አንደኛ የገበሬ ወተት ስቡ ላይ ይንሳፈፋል፣ ያ የላዩ ወፍራም ሽፋን ነው ዓይንሽ ላይ የቀረው። የካርቶኑ ስቡ ተፈጭቶ ስለተበተነ ሽፋን አይሠራም።

ሁለተኛው የሙቀቱ ነገር ነው። ዮገርት የሚሠሩ ሰዎች ወተቱን 85 ወይም 90 ዲግሪ አድርሰው ለ10 ደቂቃ ያህል እዚያው ያቆዩታል። ያኔ አጓት ውስጥ የሚቀረው ፕሮቲን ተፈትቶ ከዋናው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ መረቡም ይጠነክራል። የካርቶኑ በጣም ሞቋል፣ ግን ለሴኮንድ ብቻ። ስለዚህ መጣበቁ እንደዚያኛው አይሆንም፣ እርጎው ለስላሳና ልል ይሆናል። ይህ የወተቱ ጠባይ ነው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም።

መፍትሔው ፕሮቲን መጨመር ነው። በአንድ ሊትር የካርቶን ወተት 4 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ወተት፣ ማንኪያው ላይ ሳይቆለል፣ 30 ግራም ገደማ ይመጣል። አዲስ ነሽ፣ ከዚህ ጀምሪ። ካነሰሽ በሚቀጥለው አንድ ማንኪያ ጨምሪ። እየጨመርሽ ስትሄጂ ጣዕሙ ወደ ዱቄት ያደላል፣ ጣፋጭም ይሆናል፣ አንድ ቦታ ላይ ራስሽ ትቆሚያለሽ።

ዱቄቱን ስትገዢ ቆርቆሮውን አንብቢ። ወተት ብቻ የሚል ይሁን። ለሕፃናት የሚዘጋጁት ስኳርና የአትክልት ዘይት ስላለባቸው አይሆኑሽም። ሱቅ ላይ በፌስታል እየተመዘነ የሚሸጠውም ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ እኔ አልገዛውም።

ሶስና ሪያድ
ሪያድ ነው የምሠራው፣ 6 ዓመት ሆነኝ። እዚህ እንደ አገር ቤት የታለበ ትኩስ ወተት አላገኝም፣ ለራሴም ለቤቱ ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ በዱቄት ወተት ነው የማረጋው። የሚሚ እናት፣ የጓጎለብሽ ሙቅ ውሃ ላይ ዱቄቱን ስለበተንሽው ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ዱቄቱን ጎድጓዳ ሳህን ላይ አደርጋለሁ። እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ትንሽ አፈሳለሁ፣ ቡላ እንደሚበጠበጠው እስኪልም ድረስ አሸዋለሁ። ሊጥ መስሎ ሲልም ቀሪውን ውሃ ቀስ እያልኩ እጨምራለሁ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ይህን ግማሽ ሰዓት አትዝለይው። ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ እስኪያበቃ ነው፣ ካልጠጣ እርጎው ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል።

መጠኑ ደግሞ ለመጠጥ ቆርቆሮው የሚለው በ900 ሚሊ ሊትር ውሃ 130 ግራም ገደማ ነው። ለእርጎ እኔ 160 ግራም አደርገዋለሁ። 200 ሞክሬ አውቃለሁ፣ በቢላ ይቆረጣል፣ ግን ጣፈጠ፣ ጉሮሮ ላይ ዱቄቱ ቀረ፣ ማንም አልበላውም።

ከዚያ አፈላዋለሁ። ዱቄት ወተት መፍላት አያስፈልገውም የሚሉ አሉ፣ ለመጠጥ አዎ፣ ለእርጎ ግን ሳላፈላው ስሠራ ሁልጊዜ ይቀጥንብኛል።

ዳዊት የወተቱ
ሶስና ልክ ነሽ። ዱቄት ወተት ሲሠራ ከመድረቁ በፊት ዝቅ ባለ ሙቀት ብቻ የሚሞቅ አለ፣ ያ ፕሮቲኑ ገና አልተፈታም። ስለዚህ ማፍላቱ ይጠቅመዋል። አዲስ አበባ ላለን ደግሞ አንድ ነገር። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ወተቱ ሊገነፍል ሲል እሳቱን ቀንሳችሁ፣ እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ ብታቆዩት የሚፈለገው ሙቀት ላይ ናችሁ፣ ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ሪያድ ግን ሲፈላ 98 ይደርሳል፣ ሶስና አንቺ ሳይፈላ ጠርዙ ላይ አረፋ ሲጀምር እሳቱን ቀንሺ።

ወለተ ማርያም
ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ እኔም የካርቶን ወተት አፍልቼ ሎሚ ጨምሬበት አይብ አልሆንልኝ አለ። እንደ ትቢያ ደቀቀና በወንፊቱ አለፈ። አንድ ኪሎ አይብ ለማግኘት ስንት ሊትር ልጠቀም?

ዳዊት የወተቱ
ወለተ ማርያም፣ ይህ ክር ስለ እርጎ ነው፣ ግን ባጭሩ፣ በዚያ ወተት የአይብ ፍርፋሪ እንደ ትኩሱ አይጠነክርም። እርጎ አርግተሽ በሻሽ አጥልዪው፣ ለክትፎ የሚሆን ነገር ይወጣሻል።

ናቲ ከሳሪስ
ስለ እርሾው ተቀብያለሁ፣ ዛሬ ሁለት ማንኪያ ብቻ አድርጌ አያለሁ። ስታርቹ ግን ይሠራል፣ በእጄ የሞከርኩት ነው። እና ደግሞ ለምን የካርቶኑንም ወተት ድጋሚ 10 ደቂቃ አታፈሉትም? ዱቄት ከመግዛት ይረክሳል።

ዳዊት የወተቱ
ስታርች ያወፍራል፣ አልክድም። ወተቱ ውስጥ አብሮ መብሰል አለበት፣ ካለበለዚያ ጥሬ ይሸታል። ግን የሚወጣው ከእርጎ ይልቅ ወደ ክሬም ካራሜል የሚጠጋ ነገር ነው፣ ለልጅ ፕሮቲኑን ብጨምርላት ይሻለኛል።

የካርቶኑን ድጋሚ ማፍላት እኔ ሞክሬ ልዩነት አላየሁም። ያንን የተቀቀለ ወተት ጣዕም ነው የጨመረብኝ።

ሶስና ሪያድ
እኔ ግን አያለሁ ዳዊት! ካርቶን ስጠቀም 10 ደቂቃ ካቆየሁት ይሻለኛል። ምናልባት ክዳን ከፍቼ ስለማፈላው ውሃው እየተነነ ይሆን?

ዳዊት የወተቱ
ሊሆን ይችላል። ሊትሩ ከመፍላቱ በፊትና በኋላ ስንት እንደሆነ ብትለኪው እንለያለን።

እትዬ አለም
እኔ እርሾ የማገኘው ከዘመድ ነው፣ ከሱሉልታ የሚመጣ የቤት እርጎ። በሱ ባረጋው ሙቀት አይፈልግም፣ እንዲሁ ጓዳ ቁጭ ብሎ ይረጋል። ሙቅ ቦታ ሳደርገው ግን ተበላሸብኝ። ለምንድነው ዳዊት?

ዳዊት የወተቱ
እትዬ፣ የአገር ቤቱ እርጎ ባክቴሪያ ሌላ ዓይነት ነው። እሱ የሚወደው የጓዳውን ሙቀት ነው፣ 20 ምናምን ዲግሪ፣ አንድ ቀን ይፈጅበታል። የሱቁ ዮገርት እርሾ ደግሞ 43 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚወደው፣ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። ሁለቱን አያቀያይሩ። አንድ ነገር ግን ከልቤ ልለምንዎት። ያ የዘመድ እርጎ ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ የላሟን በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ እርሾው ሲገባ የእርስዎ የፈላ ወተት ውስጥም አብሮ ይገባል። ልጅና እርጉዝ ባለበት ቤት እኔ አላደርገውም።

እትዬ አለም
ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ልጄ ሰባት ወሯ ነው። እጠይቃቸዋለሁ።

እኔ ደግሞ ለምታረጉት ሙቀት አንድ ልንገራችሁ። እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ ምጣዱ ከነአክንባሎው ለብ ብሎ ይቆያል። ወፍራም ፎጣ አጥፌ አነጥፍና እርጎውን እዚያ ላይ አስቀምጣለሁ። ወዲያው ግን አይደለም፣ መዳፌን ምጣዱ ላይ አድርጌ ሳያቃጥለኝ ሲቆይ ነው።

የሚሚ እናት
ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በዚህ ላይ አዋልኩት፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሦስት አንድ ዓይነት የማር ብርጭቆ በፈላ ውሃ አጠብኩ። ከጎረቤት ሚዛን ተዋስኩ። አንደኛው ውስጥ ግማሽ ሊትር የካርቶን ወተት እንዳለ። ሁለተኛው ግማሽ ሊትር የካርቶን ወተት እና 2 ማንኪያ ዱቄት ወተት፣ በሶስና መንገድ ተለውሶ ግማሽ ሰዓት የቆየ። ሦስተኛው በ450 ሚሊ ውሃ 80 ግራም ዱቄት ወተት፣ 10 ደቂቃ የፈላ።

ሁሉም እኩል ሙቀት እንዲሆኑ ጠበቅሁ። ቴርሞሜትር የለኝም፣ ትንሿ ጣቴን ታጥቤ አስገብቼ እስከ 10 ቆጠርኩ፣ ሳያቃጥለኝ ግን ሞቅ እያለኝ። እርሾውን ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ማንኪያ፣ በትንሽ ወተት አቅጥኜ ነው የጨመርኩት። ሦስቱንም ትልቅ ድስት ውስጥ አድርጌ ዙሪያውን ለብ ያለ ውሃ ሞላሁ፣ ድስቱን በጋቢ ጠቀለልኩት። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሬ 9 ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ልክ 6 ሰዓት።

ብርጭቆውን ሳዘነብለው ሦስቱም አልፈሰሱም፣ ግን ሲነኩ ይርገበገባሉ። ያኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ገና ቀጭን ነው ብዬ ልቀጥል ስል የቆመ ነገር ስላየሁ ሳላማስል ፍሪጅ አስገባሁት። እሑድ ጠዋት ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቀኝ።

አንደኛው ማንኪያ ሳወጣበት ጉድጓዱ ወዲያው ሞላ። ከበፊቱ ግን በጣም ይሻላል፣ አጓትም የለውም፣ ኮምጣጣነቱም ልክ ነው። ሁለተኛው ጉድጓዱ ቆመ፣ ጠርዙ እንደ ጄሎ ያብረቀርቃል፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ ነው ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ አጓት የታየው። ሦስተኛው በጣም ወፍራም ነው፣ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግን የዱቄቱ ሽታ አለው፣ ጣፈጥ ይላል። ሚሚ ሁለተኛውን ጨረሰችው። ሦስተኛውን ባለቤቴ ከማር ጋር በላው።

ሶስና ሪያድ
እንኳን ደስ አለሽ የሚሚ እናት! ያ ፍሪጅ ውስጥ የመጠንከሩን ነገር መንገር ረስቼ ነበር። ሞቅ እያለ እርጎ ሁሌ ቀጭን ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ላይ ገና ነው እያልኩ ሰዓት እጨምርበትና አኮመጥጠው ነበር።

ዱቄቱ የሚሸትሽ ከሆነ መጠኑን በ900 ሚሊ ውሃ ወደ 140 ግራም አውርጂና በሻሽ አጥልዪው። እዚህ አረቦቹ ላብነህ የሚሉት ነው። በነጭ የጥጥ ሻሽ ወንፊት ላይ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ 3 ሰዓት። ከአንድ ሊትር ግማሹ ይቀርሻል። አጓቱን አልደፋውም፣ ዳቦ ሳቦካ በውሃ ፋንታ እጠቀምበታለሁ።

የሚሚ እናት
ማጥለሉ ወተቱን በግማሽ ስለሚቀንሰው ኪሴን ይጎዳዋል፣ በሁለተኛው መንገድ እቀጥላለሁ። ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። አማቴ ወፍራም አትወድም፣ እንደ አሬራ የሚጠጣ ነው የምትፈልገው። ለሷ ለብቻ ላርጋ?

ዳዊት የወተቱ
ለብቻ አያስፈልግም። ከቀዘቀዘው ላይ ቀንሰሽ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምሪና በሹካ ምቺው፣ ከሦስት እርጎ አንድ ውሃ ጀምሪ። አንዴ ከመታሽው መልሶ አይቆምም፣ ስለዚህ የሚሚን አስቀድመሽ ለዪ። ከመርጋቱ በፊት ውሃ ጨምረሽ ለማቅጠን ግን አትሞክሪ፣ ያ አጓት ብቻ ነው የሚያበዛው።

ናቲ ከሳሪስ
በሁለት ማንኪያ እርሾ አረጋሁ፣ ከበፊቱ የተሻለ ነው፣ አልኮመጠጠም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የኔው ሲነሳ እንደ እንቁላል ነጭ ክር ክር ይላል፣ ከማንኪያው ላይ ይለጠጣል። ተበላሽቶ ነው? ሽታው ጥሩ ነው።

ዳዊት የወተቱ
ሽታው ጥሩ ከሆነ፣ አረፋ ካላወጣ፣ ሮዝ ወይም ሌላ ቀለም ካልታየበት አልተበላሸም። አንዳንዱ የሱቅ እርሾ ራሱ እንደዚያ የሚለጠጥ ነው፣ እንዲወፍር ብለው የመረጡት። ግን ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ሲረጋም ይመጣል። የትኛው እንደሆነ የገዛኸው እርጎ ራሱ ይለጠጥ እንደነበር ካላስታወስክ መለየት አልችልም። ስንት ዲግሪ ላይ ነበር ያቆየኸው?

ናቲ ከሳሪስ
በጋቢ ብቻ ነው፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ወተቱን ለክቼ አላሞቅኩትም። ነገ ከዚያው ሱቅ አዲስ እገዛና ሳላረጋው በፊት በማንኪያ አነሳዋለሁ፣ ከዚያ በድስቱ መንገድ እደግመዋለሁ።

የሚሚ እናት
ናቲ ስታየው እዚሁ ጻፍልን። እኔ ደግሞ ከሁለተኛው ብርጭቆ ማንም ሳይነካው ሁለት ማንኪያ አስቀርቻለሁ፣ ማክሰኞ በሱ አረጋለሁ። ዱቄቱን በዚህኛው ዙር 3 ማንኪያ አድርጌ ጣዕሙን አያለሁ።